ከማይነር የተዋሰ ኮርድ (በሜጀር አዝማች ውስጥ)

ከማይነር የተዋሰ ኮርድ ማለት በሜጀር የሚሄድ ዘፈን ውስጥ፣ በተለይ በአዝማቹ ላይ፣ ያንኑ መነሻ ድምፅ ከያዘው ማይነር ለአንድ ወይም ለሁለት ባር ተወስዶ የሚገባ ኮርድ ነው። ዘፈኑ ወደ ማይነር አይዛወርም፤ ኮርዱ ጥላ ጥሎ ያልፍና ሜጀሩ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች ሁሉ መነሻቸው ዶ ነው።

ሁለት ዓይነት ዝምድና ስላለ መለየት ያስፈልጋል። ላ ማይነር ከዶ ሜጀር ጋር ሁሉንም ድምፆች ይጋራል፤ ስለዚህ የላ ማይነር ኮርድ በዶ ሜጀር ዘፈን ውስጥ ቢገባ ምንም የተዋሰ ነገር የለም። ዶ ማይነር ግን መነሻው ከዶ ሜጀር ጋር አንድ ሆኖ ሦስት ድምፆቹ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፤ ሚ፣ ላ እና ሲ ፍላት ይሆናሉ። ውሰት የሚባለው ከዚህኛው ሲወሰድ ነው።

ከትዝታ ጋር ያለው ግንኙነት

ለኢትዮጵያ ሙዚቀኛ ይህ ዝምድና እንግዳ አይደለም። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን፣ ትዝታ ማይነር ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። በሜጀር የተቃኘን ክራር ወደ ማይነር ለመለወጥ የሚን እና የላን ክሮች በግማሽ ድምፅ ማላላት ይበቃል። ዶ፣ ሬ እና ሶል ከቦታቸው አይነቃነቁም። እነዚህ ሦስት የጋራ ድምፆች ከታች ለሚመጣው ሁሉ ቁልፍ ናቸው።

ቅኝት ሲለወጥ ግን ዘፈኑ በሙሉ ይለወጣል። በውሰት የሚለወጠው አንድ ኮርድ ብቻ ነው፤ ይህም ድምፆችን ደራርቦ በሚያሰማ መሣሪያ፣ ማለትም በኪቦርድ፣ በጊታር ወይም በነፋስ መሣሪያዎች ኅብረት የመጣ አሠራር ነው። ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶችን ከባለ አሥራ ሁለት ድምፅ የጃዝ ኮርዶች ጋር ባዋሐደበት ሥራው የሚታወቅ ሲሆን፣ የዚያ ሥራ ዋና ጥያቄ እዚህም አለ፤ ኮርዱ ቅኝቱን ሳይውጠው እንዴት ይገባል?

አንድ አዝማች በዝርዝር

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ሠርግ ላይ በኪቦርድ የሚያጅብ ሰው በትዝታ ሜጀር የሚዜም ባለ 8 ባር አዝማች ደረሰበት እንበል። የተለመደው አጃቢ ኮርድ የሚከተለው ነው፦

ዶ – ላ ማይነር – ፋ – ሶል – ዶ – ፋ – ፋ – ዶ

ለውጡ ሰባተኛው ባር ላይ ብቻ ይደረግ፤ ሦስተኛው ፋ ወደ ፋ ማይነር ይለወጥ። ፋ ሜጀር ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ ፋ ማይነር ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ ነው። የተነካው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ ሆኖም ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ባር ድረስ በኮርዶቹ መካከል ላ፣ ላ ፍላት፣ ሶል የሚል በግማሽ ድምፅ እየወረደ የሚሄድ መስመር ይፈጠራል። ስሜቱን የሚያመጣው በዋናነት ይህ መስመር ነው። ስለዚህ ሦስቱ ድምፆች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጣት አካባቢ ተከታትለው መሰማት አለባቸው። ላ ፍላቱ በላይኛው ኦክታቭ ተመትቶ ሶሉ በታችኛው ከመጣ መስመሩ ይቆረጣል፤ ኮርዱም ስሕተት መስሎ ይሰማል።

ፋ ማይነር ከመምጣቱ በፊት ፋ ሜጀር መቅደሙም በከንቱ አይደለም። አድማጩ ላን ሰምቶ ካልቆየ ላ ፍላቱ ከምን እንደወረደ አያውቅም።

በያማሃ ኪቦርዶች የአንድ ጣት አጃቢ አሠራር ላይ ፋ ማይነር የሚገኘው ፋን ከግራው ካለው ቅርብ ጥቁር ቁልፍ ጋር አብሮ በመጫን ነው። ባሩ ከጀመረ በኋላ ዘግይቶ ከተጫነ ግን የፋ ሜጀር ላ አስቀድሞ ይሰማል፤ ስለዚህ ለውጡ በባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ መሆን አለበት።

ዜማው ምን ይሁን?

አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ኮርዱ ተለውጦ ዜማው ሳይታይ ሲቀር ነው። በሰባተኛው ባር ድምፃዊው ላ ላይ ቢቆም፣ የእርሱ ላ ከኪቦርዱ ላ ፍላት ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል። ሰው ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ «ድምፃዊው ወጣ» ይላል፤ የወጣው ግን አጃቢው ነው። ዶ ከሆነ የኮርዱ አካል ስለሆነ ፍጹም ይስማማል፤ ሬ እና ሶልም ለስላሳ ቀለም ይጨምራሉ። ሚ ለአጭር ጊዜ ሲያልፍ ችግር የለውም፤ ረዘም ብሎ ከቆመ ግን ይሻክራል። በጣም የሚያምረው ድምፃዊው በስድስተኛውና በሰባተኛው ባር ዶ ላይ ቆይቶ በስምንተኛው ወደ ሚ ሲሄድ ነው፤ ማይነር የተጠበቀበት ቦታ ላይ የሜጀሩ ሚ ስለሚመጣ።

ክራር አብሮ ካለ በትዝታ ሜጀር ስለተቃኘ ላ ፍላት የለውም፤ በመሐል ማላላትም አይቻልም። በዚያ ባር ላይ በሦስቱ የጋራ ድምፆች መቆየት ወይም ዝም ማለት አለበት። ማሲንቆ ተጫዋች ግን ጣቱን አንሸራቶ ላ ፍላትን ሊያገኝ ይችላል፤ ከኪቦርዱ ጋር እኩል መሆኑን በጆሮ ማረጋገጥ የእርሱ ፈንታ ነው።

ጠለቅ ያለው ውሰት

ላ ፍላት ሜጀር ኮርድ ላ ፍላት፣ ዶ እና ሚ ፍላትን ይይዛል። ሦስቱም የትዝታ ማይነር ድምፆች ናቸው። በፋ ማይነር ውስጥ ግን ፋ ከሁለቱም ትዝታዎች ውጭ ነው። በዚህ ምክንያት ላ ፍላት ሜጀር በአዝማቹ ውስጥ ሲሰማ የትዝታ ጆሮ ያለው አድማጭ ቅኝቱ የተለወጠ ይመስለዋል። ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ላ ብቻ ሳይሆን ሚም ይጋጫል፤ ዜማው በዚያ ባር ዶ ወይም ሶል ላይ መሆን አለበት፣ አለዚያም ሚ ወደ ሚ ፍላት መውረድ አለበት። ከዚህ በኋላ ወዲያው ወደ ዶ ሜጀር ካልተመለሰ ውሰት መሆኑ ቀርቶ ዘፈኑ በትዝታ ማይነር መሄድ ይጀምራል።

ሲ ፍላት ሜጀርም ከዶ ማይነር የሚዋስ ኮርድ ነው። ሚ ፍላትም ላ ፍላትም ስለሌለው ከትዝታ ማይነር ጋር የሚያገናኘው ሬ ብቻ ነው፤ ስሜቱም ከሐዘን ይልቅ ወደ ሮክ ያደላል።

በሌላው ዓለም

አራተኛውን ኮርድ ከሜጀር ወደ ማይነር መለወጥ በምዕራቡ ዘፈን ውስጥ የተለመደ ነው። ቢትልስ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ኢን ማይ ላይፍ» ውስጥ ከሬ ወደ ሬ ማይነር ሄደው ወደ ላ ሜጀር ይመለሳሉ። የሬዲዮሄድ «ክሪፕ» (1992 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሶል፣ ሲ ሜጀር፣ ዶ፣ ዶ ማይነር የሚሉትን አራት ኮርዶች በአንቀጹም በአዝማቹም ይደጋግማል። እዚያ የተዋሰው ኮርድ በየዙሩ ስለሚመጣ የዘፈኑ መሠረት ሆኗል። በትዝታ ዜማ ላይ ግን በየአዝማቹ መደጋገሙ ብዙም አይመከርም፤ ጥቂት ድምፆች ባሉት ቅኝት ውስጥ አንድ እንግዳ ድምፅ ጎልቶ ስለሚሰማ፣ በሦስተኛው ዙር አድማጩ አስቀድሞ ይጠብቀዋል። ብዙ አጃቢዎች ለመጨረሻው አዝማች የሚያስቀሩት ለዚህ ነው።