የሥልጠና ቪዲዮ የማጠናቀቅ መጠንና የፈተና ውጤት እንዴት ይተነተናል?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት ማንኛውም አሠሪ ሠራተኞቹ በሥራቸው ላይ ሊያጋጥማቸው የሚችለውን አደጋና ሊወስዱት የሚገባውን ጥንቃቄ እንዲያውቁ የማድረግ ግዴታ አለበት። በርካታ ድርጅቶች ይህን ግዴታ የሚወጡት በስልክ በሚታይ ቪዲዮና ከእርሱ ቀጥሎ በሚሰጥ አጭር ፈተና ነው። ይሁን እንጂ ቪዲዮው መታየቱ ሠራተኛው ጥንቃቄውን ስለ ማወቁ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህ ጽሑፍ የማጠናቀቅ መጠንንና የፈተና ውጤትን በማንበብ ኮርሱ የትኛው ቦታ ላይ መታረም እንዳለበት የሚለይበትን መንገድ ያብራራል።

ለማሳያነት አንድ የጽዳት አገልግሎት ድርጅት እንውሰድ። አኃዞቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ድርጅቱ 60 ሠራተኞች ሲኖሩት 40ዎቹ በየካ ክፍለ ከተማ በኮተቤና በመገናኛ አካባቢ ባሉ ሕንፃዎች፣ 20ዎቹ ደግሞ በእንጦጦ ተራራ ላይ በሚገኙ የመዝናኛ ስፍራዎች ይሠራሉ። የሥልጠና ቪዲዮው 14 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን ስለ ጽዳት ኬሚካሎች አጠቃቀም ያስተምራል። ፈተናው 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ማለፊያው 7 ነው።

ከ60ዎቹ ሠራተኞች 54ቱ ቪዲዮውን ከፈቱ፤ 39ኙ እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ሪፖርት አቅራቢው 39ኝን ለ54 አካፍሎ 72 በመቶ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሆኖም ማካፈያው ሥልጠናው የተመደበላቸው ሠራተኞች በሙሉ ሊሆን ስለሚገባ ትክክለኛው መጠን 65 በመቶ ነው። ቪዲዮውን ያልከፈቱት ስድስቱ በፈቃድ ላይ የነበሩ፣ አዲስ የተቀጠሩ ወይም ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ ስማቸው ከሠራተኞች መዝገብ ጋር ይመሳከራል። በአንድ ስልክ ሦስትና አራት ሆኖ መመልከት የተለመደ በሆነበት የሥራ ቦታም አንድ ሰው ብቻ እንዳየ ሆኖ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው አብረው የተመለከቱትን በስም መያዝ ይኖርበታል።

ከጠቅላላው መጠን ይልቅ ብዙ የሚናገረው ተመልካቾች ያቋረጡበት ደቂቃ ነው። ከፍተው ካልጨረሱት 15 ሠራተኞች ሰባቱ የእንጦጦ፣ ስምንቱ የሕንፃዎቹ ሠራተኞች ናቸው። የእንጦጦዎቹ ያቋረጡት አንዱ በ2ኛው፣ ሌላው በ5ኛው፣ ሌላው በ11ኛው ደቂቃ እያለ በተበታተነ ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለው መበታተን በአብዛኛው የሚያመለክተው የኔትወርክ መቆራረጥን ወይም የዳታ ማለቅን ነው። ከሕንፃዎቹ ሠራተኞች መካከል ግን ስድስቱ ያቋረጡት በ8ኛውና በ9ኛው ደቂቃ መካከል ነው። ኔትወርክ የስድስት ሰዎችን ቪዲዮ በአንድ ቦታ ላይ አያቋርጥም፤ ስለዚህ ችግሩ የሚፈለገው በዚያች ደቂቃ ይዘት ውስጥ ነው። በዚያ ቦታ የኬሚካሎችንና የውኃን መጠን የሚያሳይ ረጅም ሠንጠረዥ ቀርቦ ድምፁ ብቻ ያነባል።

የፈተናው አማካይ ውጤት ከ10 ስምንት ሲሆን ከ39ኙ 35ቱ አልፈዋል። እዚህ ላይ ቆሞ «ሥልጠናው ተሳክቷል» ማለት አደገኛ ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው መታየት አለበት። ውጤቱ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ትክክል ለመለሰ 1፣ ለተሳሳተ 0 ሆኖ ከተሞላ፣ ስድስተኛው ጥያቄ በዓምድ F ላይ ቢገኝ የሚከተለው ቀመር በትክክል የመለሱትን ድርሻ ይሰጣል፦

```
=SUM(F2:F40)/COUNT(F2:F40)
```

በሌሎቹ ዘጠኝ ጥያቄዎች በአማካይ 33 ሰዎች በትክክል ሲመልሱ ስድስተኛውን የመለሱት 15 ብቻ ናቸው፤ ይህም 38 በመቶ ነው። ጥያቄው በረኪናን አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ስለ መቀላቀል የሚጠይቅ ነው። ከተሳሳቱት 24 ሰዎች መካከል 19ኙ «ሁለቱ ሲቀላቀሉ የማጽዳት ኃይላቸው ይጨምራል» የሚለውን መርጠዋል። በእውነቱ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ዓይንንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አየር በማይዘዋወርበት ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ለሕይወት አስጊ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎችን መልሶ ይህን አንዱን የሳተ ሠራተኛ በከፍተኛ ውጤት አልፎ ወደ ሥራ ይሰማራል።

ቀጣዩ ጥያቄ ስሕተቱ ከሠራተኛው፣ ከቪዲዮው ወይስ ከጥያቄው አቀራረብ መጣ የሚለው ነው። ለዚህ ተፈታኞች በጠቅላላ ውጤታቸው ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ከከፍተኞቹ 13 አምስት፣ ከዝቅተኞቹ 13 ደግሞ እንዲሁ አምስት ሰዎች ጥያቄውን መልሰዋል። ጎበዙና ደካማው እኩል ከተሳሳቱ ጉድለቱ ከሠራተኛው ትጋት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ከዚያ አራት ወይም አምስት ሠራተኞች ጥያቄውን ጮክ ብለው እያነበቡ ለምን ያንን መልስ እንደመረጡ እንዲናገሩ ይደረጋል። በማሳያችን ምክንያቱ በዚሁ ውይይት ተገኝቷል፦ ቪዲዮው የሚለው «ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከአሲድ ጋር አይቀላቀልም» ሲሆን ፈተናው ደግሞ በረኪና ይላል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ዕቃ መሆናቸውን ማንም አልነገራቸውም። ማስጠንቀቂያው የተነገረውም ብዙዎች ባቋረጡበት በዚያው በሠንጠረዡ መካከል ነው።

በመሆኑም ክለሳው ቪዲዮውን በሙሉ እንደገና መቅረጽን አይጠይቅም። ማስጠንቀቂያው ከሠንጠረዡ ተለይቶ፣ ሠራተኞቹ በየቀኑ የሚይዟቸው ጠርሙሶች እየታዩና በሚያውቋቸው ስም እየተጠሩ፣ በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ በሁለት ደቂቃ ይቀርባል። የመጠን ሠንጠረዡ ከቪዲዮው ወጥቶ በዕቃ ማከማቻው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሰው ቁጥር በቃሉ የሚይዘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ለእንጦጦ ሠራተኞች ቪዲዮው ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት በተቆጣጣሪው ስልክ ላይ ተጭኖ አብረው እንዲያዩት ይደረጋል። ስድስተኛው ጥያቄም ጠቅላላ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን የግድ በትክክል የሚመለስ ይሆናል።

ክለሳው መሥራቱ የሚለካው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሐሳቡ ያው ሆኖ አቀራረቡ በተለወጠ ጥያቄ ነው። ያው ጥያቄ ከተደገመ የሚለካው እውቀቱ ሳይሆን የመልሱ ፊደል ትዝታ ነው። በድንገት ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተው እያንዳንዱ ፈተናውን በአንድ ደቂቃ ከጨረሰ መልሱ ከእጅ ወደ እጅ እንደተላለፈ ይጠረጠራል። አስተማማኙ ማረጋገጫ ተቆጣጣሪው በሥራ ቦታ የሚያየው ነው፦ ሁለቱ ጠርሙሶች ተለያይተው ተቀምጠዋልን? በአንድ ባልዲ ውስጥ የሚያፈስ ሰው አለን?

የቁጥሮቹን ገደብ ማወቅም ያስፈልጋል። ከ20 የእንጦጦ ሠራተኞች የአንድ ሰው መጨረስ ወይም አለመጨረስ መጠኑን በአምስት በመቶ ስለሚለውጠው ከ55 ወደ 60 በመቶ መውጣት እንደ መሻሻል ሊቆጠር አይገባም።

ሥልጠናው በማይገባቸው ቋንቋ ወይም ስም የተሰጣቸው ሠራተኞች ይህንኑ ለቅርብ ኃላፊያቸው ወይም በድርጅቱ ለተቋቋመው የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ ማቅረብ ይችላሉ። መፍትሔ ካላገኙ ጉዳያቸውን በሚሠሩበት ክፍለ ከተማ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ለሚያደርገው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላሉ፤ በማመልከቻው ላይ የሥራ ቦታው፣ የኬሚካሉ ስምና ሥልጠናው የተሰጠበት ቀን ቢጠቀስ ለተቆጣጣሪው ሥራ ያግዛል።