በዳርቻ ላይ ያለ ፕላኔት፦ የምድብ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዲግሪ ትርጓሜ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። በኮከብ ቆጠራ ታሪክ ውስጥ የአንድ ምድብ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዲግሪ ለምን ልዩ ትርጉም እንደ ተሰጠው፣ ይህም ትርጉም እንዴት እንደ ተለዋወጠ እመለከታለሁ። እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ እንጂ ቆጣሪ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምጠይቀው «ትንበያው ይሠራል ወይ?» ብዬ ሳይሆን «የቀደሙት ሰዎች እንዲህ ያነበቡት በምን ሥርዓት ነው?» ብዬ ነው።

ለሀገራችን አድማጭ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በዐውደ ነገሥት የሰው ኮከብ የሚገኘው የራሱንና የእናቱን ስም ፊደላት ቁጥር ደምሮ ለ12 በማካፈል ነው። ከቀሪው ቁጥር ሐመል ወይም ሠውር ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰው የለም። እኔ የምናገርለት ሥርዓት ግን ከሰማይ ልኬት ይነሣል። የፀሐይ ዓመታዊ መንገድ 360 ዲግሪ ሆኖ ለ12 ምድቦች ሲከፈል እያንዳንዱ 30 ዲግሪ ይደርሰዋል። ልኬት ባለበት ደግሞ ዳርቻ አለ፤ ዳርቻ ባለበት ክርክር ይነሣል።

በመጀመሪያ አቆጣጠሩን እናስተካክል። ምድቡ ከ0 ይጀምርና 29 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ላይ ያበቃል። «29 ዲግሪ» ተብሎ የሚጻፈው ቦታ በቅደም ተከተል ሠላሳኛው ዲግሪ ነው፤ «0 ዲግሪ» የሚባለውም የመጀመሪያው ነው። የጥንት ሠንጠረዦችን የሚያነብ ተማሪ ጸሐፊው የተፈጸመውን ዲግሪ ወይስ በመካሄድ ላይ ያለውን እንደሚቆጥር ካላወቀ፣ ዳርቻው ላይ ያልነበረን ፕላኔት በዳርቻ ያስቀምጠዋል።

በዘመናችን የኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ይህ የመጨረሻ ዲግሪ «አናሬቲክ» ይባላል። የቀውስ፣ የጥድፊያና ያልተቋጨ ጉዳይ ምልክት ተደርጎም ይተረጎማል። እኔም በጥናቴ መጀመሪያ ላይ ይህን ትርጉም የጥንት ሊቃውንት ትምህርት አድርጌ በአንድ ረቂቅ ጽሑፌ አስገብቼው ነበር። ምንጩን ለማመልከት ቴትራቢብሎስን ስከፍት ግን ቃሉን አገኘሁት እንጂ ዲግሪውን አላገኘሁትም።

ቃሉ የግሪክ ሲሆን «አጥፊ» ወይም «ገዳይ» ማለት ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የጻፈው ቶለሚ ስለ ዕድሜ ርዝመት በሚናገርበት ምዕራፍ ይጠቀምበታል። በዚያ ስሌት አንድ ነጥብ የሕይወት መነሻ ሆኖ ይመረጣል፤ መነሻው በሰማይ ዙሪያ ሲጓዝ ከአጥፊው ጋር የሚገናኝበት ርቀት በዲግሪ ይለካል፤ ዲግሪውም ወደ ዓመት ይለወጣል። አጥፊዎቹ በተለይ ሳተርንና ማርስ ናቸው። እንግዲህ «አናሬቲክ» የአንድ ፕላኔት ተግባር ስም እንጂ የምድብ ጫፍ ስም አልነበረም። ገዳዩ በምድብ መካከል፣ በ14 ዲግሪም ላይ ሊገኝ ይችላል።

ታዲያ የመጨረሻው ዲግሪ የገዳይነት ስም እንዴት ሊጣበቅበት ቻለ? መልሱን የማገኘው ወሰን በሚባለው ክፍፍል ውስጥ ነው። ጥንታውያን እያንዳንዱን ምድብ እኩል ባልሆኑ አምስት ክፍሎች ከፍለው ከፀሐይና ከጨረቃ በቀር ለአምስቱ ፕላኔቶች ሰጡ። የግብፃውያን ወሰን ተብሎ በሚታወቀው ሠንጠረዥ የሐመል የመጀመሪያዎቹ 6 ዲግሪዎች የጁፒተር፣ ቀጣዮቹ 6 የቬኑስ፣ ከዚያ 8 የሜርኩሪ፣ 5 የማርስ፣ የመጨረሻዎቹ 5 ደግሞ የሳተርን ናቸው። ሠንጠረዡን እስከ ሑት ድረስ ብትከተሉት አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፤ በ12ቱም ምድቦች የመጨረሻው ወሰን የሳተርን ወይም የማርስ ነው። ሰባቱን ሳተርን፣ አምስቱን ማርስ ይዟል። ጁፒተርና ቬኑስ በአንድም ምድብ መጨረሻ ላይ አይገኙም።

እንግዲህ በምድብ መጨረሻ ላይ የቆመ ፕላኔት ምንጊዜም በጎጂ ፕላኔት ግዛት ውስጥ ነው። ሁለቱ አጥፊዎችና የሁለቱ ግዛት የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ስሙ ከፕላኔቱ ወደ ቦታው የተሻገረው በዚህ በኩል ይመስለኛል። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ወሰኑ በሚዛን 2 ዲግሪ፣ በገውዝ 6 ዲግሪ ስፋት አለው። ስለዚህ በጥንቱ ሥርዓት በገውዝ 25 ዲግሪ ላይ ያለው ፕላኔትና በ29 ያለው በዚህ ረገድ እኩል ናቸው። የመጨረሻዋን ዲግሪ ብቻ ነጥሎ መፍራት የኋላ ዘመን ልማድ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ከልደት ሳይሆን ከጥያቄ ይመጣል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊሊ እ.ኤ.አ. በ1647 ባሳተመው «ክርስቲያን አስትሮሎጂ» ውስጥ ጠያቂ ጥያቄውን ባቀረበበት ሰዓት ሰማዩን አንብቦ መፍረድ የሚቻልበትንና የማይቻልበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ነጥብ በምድቡ 0፣ 1 ወይም 2 ዲግሪ ላይ ከሆነ፣ ጠያቂው በጣም ወጣት ካልሆነና መልኩም ከምድቡ ጠባይ ጋር ካልተስማማ መፍረድ አይገባም ይላል። በ27፣ 28 ወይም 29 ከሆነም የጠያቂው ዕድሜ ከዲግሪው ቁጥር ጋር ካልገጠመ በቀር ፍርዱ አያስተማምንም። ሰው የጠፋበት ወይም የኮበለለበት ትክክለኛ ሰዓት ታውቆ ከሆነ ግን ማንበብ ይቻላል፤ ምክንያቱም ያ የቀረበ ጥያቄ አይደለም።

የዘርፉ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ዲግሪዎች «ጉዳዩ ገና አልበሰለም»፣ የመጨረሻዎቹን «ጉዳዩ አልፏል» ብለው ይተረጉሟቸዋል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ምድራዊ ምክንያት እጨምራለሁ። ሊሊ ደንቡን በተለይ ፈጥነው በሚወጡ ምድቦች ላይ ያጠብቀዋል። በለንደን ሐመል በሙሉ ከአድማስ ለመውጣት 52 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ በአዲስ አበባ ግን 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በለንደን የሐመል ሦስት ዲግሪዎች በአምስት ደቂቃ ያልፋሉ። ፔንዱለም ያለው ሰዓት ገና ባልተሠራበት በዚያ ዘመን የአምስት ደቂቃ ስሕተት ብርቅ አልነበረም። ዳርቻ ላይ የወጣ ነጥብ በእርግጥ ከየትኛው ምድብ እንደ ሆነ ማወቅ ያስቸግር ነበር። ሊሊ ይህን ምክንያት አልጻፈውም፤ ንባቡ የእኔ ነው። ለእናንተ ግን የሚጠቅም መመሪያ አለው፤ በሰነድ ውስጥ በ29 ወይም በ0 ዲግሪ የተመዘገበ የመውጫ ነጥብ ባገኛችሁ ጊዜ ከትርጓሜው በፊት የሰዓቱን ምንጭ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ «ወሳኝ ዲግሪዎች» የሚባለው ዝርዝር ከዚህ ሁሉ ይለያል። እርሱ የጨረቃ ነው። የሰማይ ክብ ለ28ቱ የጨረቃ ማደሪያዎች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 12 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ከሐመል 0 ተነሥተን በዚህ ርምጃ ብንሄድ በሐመል፣ በሸርጣን፣ በሚዛንና በጀዲ 0፣ 13 እና 26 ገደማ ላይ፤ በሠውርና በአምሳያዎቹ 9 እና 21 ገደማ ላይ፤ በገውዝና በአምሳያዎቹ 4 እና 17 ገደማ ላይ እንቆማለን። እዚህ ዝርዝር ውስጥ 0 ዲግሪ በአራት ምድቦች ብቻ ይገኛል፤ 29 ዲግሪ ግን የትም የለም። «ወሳኝ» እና «አናሬቲክ» የሚሉትን ስሞች እንደ አንድ የሚጠቀም ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶችን ደባልቋል ማለት ነው።

አሁን ይህን በአንድ ምሳሌ ላይ እንፈትነው። ብዙዎቻችሁ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ጁፒተርና ሳተርን እጅግ ተቀራርበው ያያችሁ ትመስሉኛላችሁ። ታኅሣሥ 7 ቀን ሁለቱም በጀዲ የመጨረሻ ዲግሪ ውስጥ ነበሩ። ሳተርን ታኅሣሥ 8፣ ጁፒተር ታኅሣሥ 10 ወደ ደለዊ ተሻገሩ፤ ታኅሣሥ 12 ቀንም በደለዊ 0 ዲግሪ ተገናኙ።

«29 ዲግሪ ቀውስ ነው» የሚለው ዘመናዊ ደንብ ለሁለቱም አንድ ንባብ ይሰጣል። የጥንቱ ሥርዓት ግን ይለያያቸዋል። ሁለቱም በጀዲ መጨረሻ ላይ በማርስ ወሰን ውስጥ ነበሩ፤ እስከዚህ ድረስ አንድ ናቸው። ነገር ግን ጀዲና ደለዊ ሁለቱም የሳተርን ቤቶች ናቸው። ሳተርን ዳርቻውን ሲሻገር ከራሱ ቤት ወደ ራሱ ቤት ገባ እንጂ ምንም አላጣም። ጁፒተር ደግሞ በጀዲ ውድቀቱ ላይ ነበር፤ ዳርቻውን መሻገሩ ከውድቀት መውጣት ነው፤ ስለዚህ እንደ ማጣት ሳይሆን እንደ እፎይታ ይነበባል። ሁለቱም የደረሱበት የደለዊ መጀመሪያ የሜርኩሪ ወሰን ስለሆነ የማርስ ጥላ ከሁለቱም ላይ ተነሣ። ዲግሪው አንድ፣ ሳምንቱ አንድ፣ ንባቡ ግን ሁለት ነው።

ፍጥነትም ይታሰብ። ጨረቃ አንዲት ዲግሪ በሁለት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ በአንድ ቀን ገደማ ታልፋለች። ሳተርን ግን በዚያ ወቅት በጀዲ የመጨረሻ ዲግሪ ላይ ከሳምንት በላይ ቆይቷል፤ በእነዚያ ቀናት በዓለም ሁሉ የተወለደ ሕፃን ያንኑ አቋም ይጋራል። ስለዚህ የዝግተኛ ፕላኔት ዳርቻ ለአንድ ሰው ብቻ የተለየ ዕጣ ሆኖ ሊነበብ አይችልም።

ለማጠቃለል፣ የምድብ ዳርቻ በታሪክ የታወቀ አንድ ትርጉም የለውም። ቶለሚ ስሙን ሰጠ፤ ወሰኑ የጎጂነትን ጥላ ሰጠ፤ ሊሊ የ«ገና ነው» እና የ«አልፏል» ንባብን ሰጠ፤ የኋለኞቹ ሁሉንም በአንዲት ዲግሪ ላይ ከመሩት። ወደ ፊት በአንድ ድርሳን «የመጨረሻ ዲግሪ» የሚል ቃል ስታገኙ ጸሐፊው ከእነዚህ የትኛውን በእጁ እንደ ያዘ ለይታችሁ ጻፉ። እኔ በረቂቄ ላይ ያን ሳልለይ አንድ የዘመናችንን ሐሳብ አሥራ ስምንት ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ ወስጄ በቶለሚ አፍ አኑሬው ነበር።