«ፕሮ ፎርማ» የሒሳብ መግለጫ

ፕሮ ፎርማ የተባለው የላቲን ቃል በገበያችን የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት መጠሪያ ሆኖ ቢለመድም፣ በሒሳብ አዋቂዎች ዘንድ ግን ገና ያልደረሰውን ዓመት እንደ ደረሰ አድርጎ አስቀድሞ ለሚያሳይ የሒሳብ መግለጫም ይነገራል።

ለአብነት ያህል፣ ዘንድሮ 10 ሚሊዮን ብር የሸጠ ዳቦ ቤት ለከርሞ 12 ሚሊዮን ሊሸጥ ቢያስብ፣ ንብረቱም የሽያጩን 60 በመቶ፣ የዱቄት አቅራቢዎች ዱቤ 15 በመቶ ቢሆን፣ በ2 ሚሊዮኑ ጭማሪ ምክንያት ንብረቱ በ1.2 ሚሊዮን፣ ዱቤው በ300 ሺህ ብር ያድጋል፤ የባንክ ብድር ግን ካልተዋዋሉበት በቀር ከሽያጭ ጋር በራሱ አያድግምና በዚህ ስሌት አይገባም። ከ12 ሚሊዮኑ 5 በመቶ የተጣራ ትርፍ ተገኝቶ እኩሌታው ለባለአክሲዮኖች ቢከፈል፣ በድርጅቱ የሚቀረው 300 ሺህ ብር ስለሆነ፣ የጎደለው 600 ሺህ ብር በብድር ወይም በአዲስ አክሲዮን ከውጭ ይፈለጋል።

ነገር ግን ዘዴው ንብረት ሁሉ በሽያጩ ልክ ያድጋል ብሎ ስለሚነሣ፣ ከንብረቱ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣው ምድጃ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ የሚውል ቢሆን፣ ሌላ ምድጃ መግዛት አያስፈልግምና የውጭው ፍላጎት ወደ 200 ሺህ ብር ይወርዳል፤ ስለዚህ መቶኛውን ከማባዛት አስቀድሞ ምድጃው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ መመርመር ይገባል።