ድልድዩ፣ ዳገቱና ያልተነሣው ፎቶ



ታኮማ የሚመጣ እንግዳ ሲኖረን ብዙዎቻችን የናሮውስን ድልድይ እናሳየዋለን። ዛሬ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ድልድዮች በ1950 እና በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈቱ ናቸው። ከእነሱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ የነበረው የመጀመሪያው ድልድይ ሐምሌ 1 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ኅዳር 7 ቀን በዚያው ዓመት ፈረሰ። ዕድሜው አራት ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። መንገዱ እንደ ጨርቅ ሲጠማዘዝ የሚያሳየውን ፊልም ያላየ ሰው ጥቂት ነው።

ፊልሙን ካነሡት አንዱ እዚሁ ታኮማ የካሜራ ሱቅ የነበረው ባርኒ ኤልየት ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፋርኳርሰንም ካሜራ ይዞ ቦታው ላይ ነበር፤ ድልድዩ ከመፍረሱ በፊት ባሉት ሳምንታትም እየተመላለሰ ሲወዛወዝ ያነሣው ነበር። ፕሮፌሰሩ በዚያ ጠዋት በሰዓት መቁጠሪያ እየለካ፣ ድልድዩ አንድ ጊዜ ወዲህ ወዲያ ተጠማዝዞ እስኪመለስ አምስት ሴኮንድ ያህል እንደሚወስድ መዘገበ። በደቂቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ሁላችንም የምናውቀው ፊልም ግን በደቂቃ አሥራ ስምንት ጊዜ ያሳያል።

ልዩነቱን በ2015 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች አስረዱት። ፊልሙ በሴኮንድ አሥራ ስድስት ምስል እየተነሣ በኋላ በሴኮንድ ሃያ አራት ምስል ፍጥነት ተገለበጠ፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተኩል ፈጠነ። እያንዳንዱ ምስል እውነተኛ ነው፤ ማንም አልነካካውም። የተዛባው በምስሎቹ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ይህ የታወቀውም ከምስሉ ውጭ የሆነ መረጃ፣ ማለትም የፕሮፌሰሩ የጽሑፍ ልኬት፣ ተጠብቆ ስለቆየ ነው።

ይህን ያነሣሁት ባለፈው ዓመት እትማችን ስላወጣነው ጥንድ ፎቶ ለመናገር ነው። «በፊት» ብለን ያወጣነው ከብት እንዳይገባበት ያስከለልነው ዳገት ቀይ አፈሩ ተራቁቶ ይታያል። «በኋላ» ባልነው ላይ ያው ዳገት አረንጓዴ ለብሷል። ብዙ ሰው ተደሰተበት፤ መዋጮም አመጣልን። አንድ አባታችን ግን በስብሰባው መጨረሻ እትሙን ከስልካቸው ከፍተው፣ «ልጆቼ፣ ይህማ ክረምት ነው፤ ማንም ያልከለለውን ዳገት ክረምት ያለብሰዋል» አሉ። ስናጣራ የመጀመሪያው የግንቦት፣ ሁለተኛው የመስከረም ፎቶ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ወጥመድ የአገራችንን የቆዩ ፎቶዎች የሚያጠኑ ሰዎች በሚገባ ያውቁታል። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶ አንሺዎች በመስታወት ላይ በሚነሣው ከባድ መሣሪያ የመንገዱን መልክዓ ምድር አንሥተዋል። ዘመቻው በበጋ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ያረፉትም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰን የተባለው የቤልጅየም ተመራማሪና ባልደረቦቹ እነዚያን ቦታዎች ፈልገው እንደገና አነሡ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ቦታው የሚገኘው በተራራው ጫፍ ብቻ አይደለም። በቅርብ ያለው ቋጥኝ ከሩቁ ሸንተረር ጋር የሚገናኝበት ነጥብ እንደ ድሮው ፎቶ እስኪሆን ድረስ አንሺው ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይራመዳል። የወቅቱም ነገር እንደዚሁ ነው፤ የበጋ ፎቶ ከበጋ ፎቶ ጋር ካልሆነ አይወዳደርም።

ያገኙት ብዙ ሰው ከጠበቀው የተለየ ነበር። መሬቱ በ1868ም የተራቆተ ነበር፤ በ2008 በብዙ ቦታ የዛፉ ሽፋን ጨምሯል፤ ከዚህም ብዙው በ1868 አገራችን ያልገባው ባሕር ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን ጫፎች ብቻ የሚያይ ሰው መሬቱ 140 ዓመት ሙሉ ቀስ በቀስ ሲሻሻል እንደኖረ ሊያስብ ይችላል። የእርከንና የመከለል ሥራ በስፋት የመጣው ግን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በመካከል ያሉትን የ1930ዎቹን የጣሊያን የአየር ፎቶዎችና በ1970ዎቹ የተነሡትን እየፈለጉ ያስገባሉ።

ወደ ራሳችን ዳገት ልመለስ። ዘንድሮ ከአገር ቤት የተላኩልንን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ሁሉ ከአባላት ስልክ ሰብስበን በጊዜ ቅደም ተከተል ለመደርደር ተቀመጥን። የመጀመሪያው ችግር ቀኑ ነው። በዋትስአፕና በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ካሜራው የመዘገበው ቀን ይጠፋበታል። `IMG-20230914-WA0007.jpg` የሚለው ስም ፎቶው የደረሰበትን ቀን እንጂ የተነሣበትን አይናገርም። አንዱ ፎቶ ለሦስተኛ ጊዜ ሲተላለፍ ሦስተኛ ቀን ይዞ ይመጣል። ቀኑ በትክክል ቢገኝ እንኳ እዚያ ማለዳ የተነሣው እዚህ ታኮማ ገና የትናንት ምሽት ነው። ከእንግዲህ የሚልኩልን ሰዎች በቴሌግራም እንደ ፋይል አድርገው እንዲልኩ ጠይቀናቸዋል፤ ያን ጊዜ ቀኑ አብሮ ይመጣል።

ቀን የሌላቸውን ከውስጣቸው አነበብናቸው። በዳር አደይ አበባ ያለበት የመስከረም ነው። ከዳገቱ ሥር ያለው የጤፍ ማሳ ታጭዶ ነዶው የተከመረበት የኅዳርና የታኅሣሥ ይሆናል። አንዱ ቪዲዮ ላይ ከካሜራው ኋላ የቆመ ሰው «ትናንት ታቦቱ ገብቶ…» ሲል ይሰማል፤ ጥምቀት ማለፉን ያወቅነው ከድምፁ ነው። የትኛው ዓመት እንደሆነ ግን አበባም ጤፍም አይናገሩም። ለዚህ የአገር ቤቱ ኮሚቴ የክፍያ መዝገብ ረዳን፤ የአጥር ሽቦው መቼ እንደተገዛ፣ ጥበቃው ደመወዝ የተቀበለበት የመጀመሪያ ወር የትኛው እንደሆነ ይዟል። አጥር የሚታይበት ፎቶ ከሽቦው ደረሰኝ በፊት ሊሆን አይችልም።

መዝገቡና ፎቶዎቹ ሲገናኙ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ለበዓሉ ያሳየነው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ላይ ጉድጓድ ከሚቆፈርበት በቀጥታ ችግኝ ወደሚተከልበት ይሻገራል፤ የሚያይ ሰው በሳምንት ያለቀ ይመስለዋል። በመካከሉ ግን አሥራ አራት ወር አለ። በዚያ ጊዜ ለጥበቃው የሚከፈል አልነበረም፤ ከብት ተመልሶ ገብቷል፤ አንድም ፎቶ አልተነሣም። ሥራ ሲቆም ማንም ካሜራ አያወጣምና የፎቶ ክምችት ሁልጊዜ ወደ ጥሩው ቀን ያደላል። እኔ ራሴም ቪዲዮውን ስቆራርጥ ይህን ሳላስብ አንድ ላይ አጋጠምኳቸው።

በዚህ እትም የምታዩት ጥንድ ስለዚህ የባለፈውን ያህል አያምርም። ሁለቱም የሚያዝያ ፎቶዎች ናቸው፤ የተነሡትም ከአንድ ቋጥኝ ላይ ሲሆን አሁን ቋጥኙ በነጭ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ሣሩ በሁለቱም ደርቋል። የተለየው ከቦረቦሩ አፍ ላይ ያሉት ቁጥቋጦዎችና አፈር የያዙት የድንጋይ ክትሮች ናቸው፤ ቀረብ ብላችሁ ካላያችሁ አይታዩም። በሁለቱ መካከል ለአሥራ አራቱ ወራት ባዶ ቦታ ትተናል፤ ከሥሩም የመዝገቡን ሦስት መስመር አስገብተናል። በዚያ ጊዜ ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ አገር ቤት ሄዳችሁ በዳገቱ በኩል ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ከሰው ጀርባ እንኳ የታየበት ፎቶ ካለ፣ ሳትቆርጡ በፋይል ላኩልን።