የሚሽከረከር አካል ዋና ዛቢያዎች፦ የኢነርሽያ ማትሪክስ አይገንቬክተሮችና የሴፓሬተር ከበሮ ሚዛን

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ የግትር አካል ዋና የሽክርክሪት ዛቢያዎች ከኢነርሽያ ማትሪክስ አይገንቬክተሮች እንዴት እንደሚገኙ በወተት ሴፓሬተር ከበሮ ምሳሌ ያሳያል። የስሌቱ ውጤት ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ዋናው ዛቢያ ከዘንጉ ያዘነበለበት አንግል፣ ሌላው ኩሽኔታዎቹ የሚሸከሙት ጠምዛዥ ኃይል ነው። ሁለቱ የሚመነጩት ከአንድ ቁጥር ቢሆንም አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት ያሳስታል።

1. መነሻ

ከስቶክሆልም መሀል በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በቡትሽርካ ኮሚዩን የምትገኘው ቱምባ ከአልፋ ላቫል ኩባንያ የሴፓሬተር ሥራ ጋር ለረጅም ዘመን ስሟ የተያያዘ ከተማ ናት። ጉስታፍ ደ ላቫል ያለማቋረጥ የሚሠራውን የወተት ሴፓሬተር የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1878 ሲሆን፣ ኩባንያው በ1883 ተቋቁሞ በ1963 የአሁኑን ስሙን ያዘ። ማሽኑ ወተትን በፍጥነት በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ያሾራል። ከባዱ የተገፈፈ ወተት ወደ ከበሮው ግድግዳ ይገፋል፤ ቀላሉ ክሬም ወደ ዘንጉ ይጠጋል። ከበሮው በደቂቃ ሺዎች ዙር ስለሚዞር፣ በመጠነ ቁስ አቀማመጡ ላይ ያለ ትንሽ ጉድለት ኩሽኔታውን የሚመታ ትልቅ ኃይል ይሆናል።

2. ማትሪክሱ የሚናገረው

የአካሉን የመጠነ ቁስ ማዕከል መነሻ ነጥብ አድርገን ሦስት ቀጤ ነክ ዛቢያዎች እንሠይም፤ z የዘንጉ አቅጣጫ ይሁን። የኢነርሽያ ማትሪክስ I ሦስት በሦስት የሆነ ሲሜትሪካዊ ሰንጠረዥ ነው። በዲያጎናሉ ላይ የሚቀመጡት የየዛቢያዎቹ የኢነርሽያ ሞመንቶች ናቸው፤ ከዲያጎናሉ ውጭ ደግሞ እንደ −Σmxz ያሉ የኢነርሽያ ብዜቶች ይገባሉ።

የሽክርክሪት ሞመንተም L = Iω ነው። በጠቅላላው L ከω ጋር በአንድ አቅጣጫ አይውልም። አንድ ላይ የሚውሉት Iω = λω ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህም ω የማትሪክሱ አይገንቬክተር ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ አቅጣጫ የሚሾር አካል ሽክርክሪቱን ለመቀጠል የሚያቀናው ጠምዛዥ ኃይል አያስፈልገውም። ዮሃን ዜግነር በ1755 እንዲህ ያሉ ዛቢያዎች በማንኛውም አካል ውስጥ እንዳሉ አመለከተ፤ ሌኦንሃርድ ኦይለርም የግትር አካልን የእንቅስቃሴ ሕግ በእነሱ ላይ ገነባ። ማትሪክሱ ሲሜትሪካዊ በመሆኑ አይገንቫልዩዎቹ ሁልጊዜ እውን ቁጥሮች ናቸው፤ አይገንቬክተሮቹንም እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ አድርጎ መምረጥ ይቻላል።

3. ምሳሌ

ለስሌት እንዲመች የተመረጠ አንድ ከበሮ እንውሰድ። እንከን ባይኖረው Izz = 1.0፣ Ixx = Iyy = 0.8 ኪሎግራም ሜትር ስኩዌር ነው። አሁን እያንዳንዳቸው 20 ግራም የሆኑ ሁለት ትርፍ ቁሶች አሉበት እንበል፤ አንዱ በ(0.25, 0, 0.20) ሜትር፣ ሌላው በ(−0.25, 0, −0.20) ሜትር። ቁሶቹ በማዕከሉ ተቃራኒ ጎኖች ስላሉ የመጠነ ቁስ ማዕከሉ ከዘንጉ አይወጣም። ከበሮውን በአግድም ዘንግ ላይ ቢያንጠለጥሉት ወደ የትኛውም ጎን አይከብድም፤ በቁም ሚዛኑ ፍጹም ይመስላል። ማትሪክሱ ግን ይህን ይመስላል፦

```
 0.8016   0       -0.0020
 0        0.8041   0
-0.0020   0        1.0025
```

y ከሌሎቹ ጋር ስላልተሳሰረ ራሱ አይገንቬክተር ነው፤ አይገንቫልዩውም 0.8041 ነው። የቀረው የx እና የz ሁለት በሁለት ክፍል ነው። ከእሱ λ = 1.00252 እና λ = 0.80158 እናገኛለን። የትልቁን λ አይገንቬክተር ለማግኘት የመጀመሪያውን ረድፍ እንጠቀም፦ (0.8016 − 1.00252)vx − 0.0020vz = 0። ስለዚህ vx = −0.00995vz። ዋናው ዛቢያ ከዘንጉ ወደ −x በ0.57 ዲግሪ ገደማ አዘንብሏል።

ከበሮው በደቂቃ 6000 ዙር ቢሾር ω = 628.3 ራዲያን በሰከንድ ነው። L ከዘንጉ አዘንብሎ ከከበሮው ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ኩሽኔታዎቹ 0.002ω² ማለትም ወደ 790 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ጠምዛዥ ኃይል መስጠት አለባቸው። ኩሽኔታዎቹ በግማሽ ሜትር ቢራራቁ በእያንዳንዳቸው ላይ 1580 ኒውተን ያህል፣ ከከበሮው ጋር የሚዞር ኃይል ይወድቃል። ይህ ሁሉ የመጣው ከ40 ግራም ትርፍ ቁስ ነው።

ማረሚያው ብዜቱን ዜሮ ማድረግ ነው። በz = 0.10 ሜትር ደረጃ በx = −0.25 ላይ 40 ግራም፣ በz = −0.10 ደረጃ ደግሞ በx = 0.25 ላይ 40 ግራም ብንጨምር Σmxz ዜሮ ይሆናል፤ z-ም ዳግም አይገንቬክተር ይሆናል። ማረሚያው በአንድ ደረጃ ብቻ ቢደረግ ግን የመጠነ ቁስ ማዕከሉን ከዘንጉ ያወጣል። የባላንስ ማሽኖች በሁለት ደረጃ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኑ ማትሪክሱን በቀጥታ አይለካም፤ በሁለቱ ድጋፎች የሚሰማውን ንዝረት ለክቶ የሚያስፈልገውን ክብደትና ቦታ ያሰላል።

4. ስሌቱ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

በብዛት የሚያጋጥመው ስሕተት የምልክት ነው። አንዳንድ የንድፍ ሶፍትዌሮች Σmxz-ን በአዎንታዊ ምልክት ያወጣሉ፤ ሌሎቹ ማትሪክሱ ውስጥ እንደሚገባው በአሉታዊ። ምልክቱ ከተገለበጠ ዛቢያው ወደ +x ያዘነበለ ይመስላል፤ ማረሚያውም በተሳሳተው ጎን ተጭኖ ጉድለቱን እጥፍ ያደርገዋል። አይገንቫልዩዎቹ ግን ስለማይለወጡ በእነሱ ማጣራት አይቻልም። የሚረዳው አካላዊ ምልከታ ነው፦ የትንሹ ኢነርሽያ ዛቢያ ወደ ትርፍ ቁሶቹ መጠጋት አለበት። በምሳሌያችን የx አቅራቢያ ዛቢያ ወደ +z ይነሳል፤ ትርፉ ቁስም ያለው በዚያው አቅጣጫ ነው። የዲያጎናሉ ድምር፣ 2.6082፣ ከአይገንቫልዩዎቹ ድምር ጋር መግጠሙም የሒሳቡን ስሕተት ያጋልጣል፤ የምልክቱን ግን አያጋልጥም።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ሁኔታ አይገንቫልዩዎች ሲቀራረቡ ይመጣል። ከበሮው ቢረዝምና መነሻ Ixx 0.8 መሆኑ ቀርቶ 0.99 ቢሆን፣ ያው 0.002 ዛቢያውን በ10 ዲግሪ ያህል ያዘነብለዋል። የኩሽኔታው ጠምዛዥ ኃይል ግን አሁንም 790 ኒውተን ሜትር ነው፤ በዘንጉ ዙሪያ ለሚሾር አካል ኃይሉን የሚወስነው ብዜቱ እንጂ አንግሉ አይደለምና። ሁለቱ አይገንቫልዩዎች ከናካቴው እኩል ሲሆኑ በዚያ ጠለል ያለ አቅጣጫ ሁሉ ዋና ዛቢያ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ጥንድ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንግል የሚዘግብ ሰው የአይገንቫልዩዎቹን ልዩነትና የብዜቱን መጠን አብሮ መዘገብ ይገባዋል።

5. ግትር ያልሆነ ድጋፍ

እስካሁን ዘንጉ ከቦታው የማይነቃነቅ ነው ብለናል። ደ ላቫል በእንፋሎት ተርባይኑ ላይ የተጠቀመው ቀጭንና ተጣጣፊ ዘንግ ሌላ መንገድ አሳየ። ድጋፉ ሲለዝብ፣ ከወሳኙ ፍጥነት በላይ የሚሾረው አካል በራሱ የመጠነ ቁስ ማዕከል ዙሪያ ለመዞር ይሞክራል። እንደ ከበሮአችን የዘንግ ኢነርሽያው ከሌሎቹ የሚበልጥ አካል ደግሞ ፍጥነቱ ሲጨምር ዋና ዛቢያውን ወደ መዞሪያው መስመር ያቀርባል፤ ኩሽኔታውም ይቀልለታል። በሴፓሬተሮች የላይኛው ኩሽኔታ ዙሪያ ስፕሪንግ የሚገባው በዚህ መርህ ነው።

ይህ መላ ገደብ አለው። ድጋፉ የሚፈቅደው መነቃነቅ ትንሽ ነው፤ ማትሪክሱም በሥራ ላይ አይጸናም። በከበሮው ግድግዳ ላይ ዝቃጭ በእኩል ካልተጋገረ አዲስ የኢነርሽያ ብዜት ይፈጠራል፤ በባዶው ከበሮ ላይ የተሠራው ባላንስም ለሙሉው አይበቃም። ንዝረቱ ከበሮው ሲታጠብ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የዝቃጩ ነው። ከታጠበም በኋላ በያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ የሚመታ ንዝረት ከቀረ፣ ከበሮው እንደገና በሁለት ደረጃ ባላንስ መደረግ አለበት።