መውጫው ሲጠብ፦ ቮልስዋገን በሁለት ቀን ሺህ ዩሮ የገባበት ታሪክ

ጥቅምት 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ቀን 2008፣ በገበያ ዋጋው ሲለካ የዓለም ትልቁ ኩባንያ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ቮልስዋገን ነበር። ከነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን ሞቢል ሳይቀር በልጦ ነበር። ወቅቱን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ከወደቀ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው፤ ዓለም በገንዘብ ቀውስ ውስጥ ናት፤ መኪና የሚገዛ ሰው ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ አርብ ዕለት 210 ዩሮ ገደማ ላይ የተዘጋው የቮልስዋገን አክሲዮን ሰኞ 520 ዩሮ ላይ ዋለ፣ ማክሰኞ ደግሞ ከ1,000 ዩሮ አለፈ።

በነዚያ ሁለት የገበያ ቀናት ፋብሪካው ከወትሮው የተለየ መኪና አልሠራም፤ ትርፉም አልጨመረም። ታዲያ አንዱን አክሲዮን በሺህ ዩሮ ማን ገዛው? አብዛኞቹ ገዢዎች ዋጋው ይወርዳል ብለው የተወራረዱት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። አክሲዮኑን የሚጠሉት ሰዎች ናቸው በውድ ዋጋ ሲሻሙበት የዋሉት። ይሄ ነው ሾርት ስኩዊዝ የሚባለው።

እንዴት እንደሚፈጠር ለማየት ጀርመንን ለጊዜው እንተውና ወደ እህል ገበያ እንምጣ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ አዲሱ ምርት ገና ማሳ ላይ ስለሆነ ጤፍ ተወዷል። ለስሌት እንዲመቸን ኩንታሉ 10,000 ብር ነው እንበል። ነጋዴው በመጋዘኑ አንድም ኩንታል የለውም፤ ግን አውድማው ሲሞላ፣ ታኅሣሥ ጥር ላይ፣ ዋጋው 7,000 ይገባል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ደሴ ወጥቶ ከአንድ ባለመጋዘን 10 ኩንታል ይበደራል። የሚበደረው ብር አይደለም፤ ጤፍ ነው። የሚመልሰውም ጤፍ ነው። የተበደረውን ወዲያው ሸጦ 100,000 ብር ይይዛል። ግምቱ ከሰመረ ጥር ላይ 10 ኩንታሉን በ70,000 ብር ገዝቶ ይመልሳል፤ ለባለመጋዘኑ ትንሽ ኪራይ ከፍሎ ቀሪውን ትርፍ ኪሱ ያስገባል። በአክሲዮን ገበያ ሾርት ማድረግ ማለት ይኸው ነው፤ የሌላህን ተበድረህ ትሸጣለህ፣ ሲረክስ ገዝተህ ትመልሳለህ።

የዚህ ንግድ ትርፍና ኪሳራ ግን እኩል አይደለም። ጤፍ ቢረክስ ቢረክስ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ነጋዴው ቢበዛ የሚያተርፈው የሸጠበትን 100,000 ብር ነው። ቢወደድ ግን ጣሪያ የለውም። ኩንታሉ 30,000 ቢገባ 10 ኩንታል ለመመለስ 300,000 ብር ያስፈልገዋል። ጤፉን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ቢከስር የሚከስረው ያወጣውን ነው። ተበድሮ የሸጠ ሰው ግን ካሰበው ሁሉ በላይ ሊከስር ይችላል።

ባለመጋዘኑም ይህን ስለሚያውቅ መያዣ ይጠይቃል። ዋጋው በወጣ ቁጥር ደግሞ «መያዣህን ጨምር፣ ካልጨመርክ ጤፌን መልስ» ይላል። በአክሲዮን ገበያ ይሄን ጥያቄ ማርጂን ኮል ይሉታል። ጥሬ ገንዘብ ያጣው ነጋዴ የግዱን ወደ ገበያ ወጥቶ ጤፍ ይገዛል። የእሱ ግዢ ዋጋውን ትንሽ ይሰቅለዋል። ያ ጭማሪ እንደሱ ተበድሮ በሸጠው ሁለተኛ ነጋዴ ላይ የመያዣ ጥያቄ ያመጣል፤ እሱም ይገዛል፤ ዋጋው ደግሞ ይወጣል፤ ተራው የሦስተኛው ይሆናል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሲያይ ውጤቱን መልሶ እንደ ግብዓት የሚወስድ ሉፕ ነው ይላል። በተራ ገበያ ዋጋ ሲወደድ ገዢ ይቀንሳል፤ ሉፑን የሚያበርደው እሱ ነው። እዚህ ግን ዋጋ ሲወደድ ገዢ ይበዛል። ፈልጎ አይደለም የሚገዛው፤ ተገዶ ነው።

እስካሁን ያየነው ኪሳራን እንጂ ፍንዳታን አይደለም። ለፍንዳታው አንድ ነገር ይጎድላል፦ የሚሸጥ ዕቃ ማነስ። በአካባቢው ያለው ጤፍ በጠቅላላ 1,000 ኩንታል ነው እንበል። አንድ ሀብታም ቀስ በቀስ ሲሰበስብ ቆይቶ 740ውን ይዟል። 200ው «በምንም ዋጋ አልሸጥም» ያለ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ነው። ለገበያ የቀረው 60 ኩንታል ብቻ ነው። ተበድረው የሸጡት ነጋዴዎች ግን በድምሩ 130 ኩንታል ዕዳ አለባቸው። የተበደሩትን ሲሸጡ የገዛቸው ያው ሀብታም ስለነበር እህሉ ከእጃቸው ወጥቶ እሱ ጋ ተቆልፏል። «ብድር በምድር» ይባላል፤ እዚህ ግን ብድሩን የሚከፍሉበት ዕቃ ምድር ላይ የለም። ኩንታሉ ስንት ይገባል? መልሱ ከጤፉ ጥራት ጋርም፣ ከእንጀራ ፈላጊው ብዛት ጋርም አይገናኝም። ዋጋውን የሚወስነው ባለዕዳዎቹ ስንት መክፈል መቻላቸው ነው።

ቁጥሮቹን ከጀርመን ነው የወሰድኳቸው። ከ1,000 ኩንታል ወደ መቶኛ ቀይሯቸው፣ ቮልስዋገን ይሆናሉ።

ሀብታሙ ፖርሸ ነበር። ከቮልስዋገን በብዙ የሚያንሰው ይህ የስፖርት መኪና ኩባንያ ትልቁን ዘመዱን ለመጠቅለል ዓመታት ሲያስብ ቆይቷል። ተሟጋቾቹ ደግሞ በአብዛኛው ሄጅ ፈንድ የሚባሉ ትልልቅ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ነበሩ። ስሌታቸው ሞኝነት አልነበረም። ቮልስዋገን ሁለት ዓይነት አክሲዮን ነበረው፤ ድምፅ የሚያሰጠውና የማያሰጠው። ድምፅ የሚያሰጠው በፖርሸ ግዢ ምክንያት ከሌላው እጅግ ተወዶ ነበር። ፖርሸም በዚያው ዓመት ማርች ላይ ድርሻዬን 75 በመቶ አደርሳለሁ የሚለው ወሬ ግምት ነው ብሎ አስተባብሏል። ስለዚህ ውዱን ተበድረው ሸጡ፣ ርካሹን ገዙ፣ ልዩነቱ እስኪጠብ ጠበቁ።

እሑድ ጥቅምት 16 ቀን፣ ገበያ ዝግ በሆነበት፣ ፖርሸ መግለጫ አወጣ። 42.6 በመቶውን አክሲዮን በእጁ ይዟል። በዚያ ላይ 31.5 በመቶ የሚሆነውን በኦፕሽን ውል ይዞታል። ውሉ የአክሲዮኑ ዋጋ ከወጣ ባንኮች ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍሉት የሚያደርግ ነበር። ባንኮቹ ደግሞ ያኔ እንዳይከስሩ አክሲዮኑን አስቀድመው ገዝተው ያስቀምጣሉ። ስለዚህ በስም የፖርሸ ባይሆንም ያም አክሲዮን ከገበያ ወጥቷል ማለት ነው። የጊዜው የጀርመን ሕግ እንዲህ ያለውን ውል ይፋ እንዲያደርግ አያስገድደውም ነበር፤ ብዙዎቹ ተሟጋቾች መጠኑን ያወቁት በዚያ እሑድ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 74.1 በመቶ ናቸው። ከ20 በመቶ በላይ የሚሆነውን የታችኛው ሳክሶኒ ግዛት መንግሥት ይዞታል፤ እሱ አይሸጥም። የቀረው ከ6 በመቶ ያንሳል። ተበድሮ የተሸጠው ግን 13 በመቶ ገደማ ነበር።

ሁሉም ሾርት ያደረገ ሰው ያን እሑድ ማታ አንድ ዓይነት የመቀነስ ስሌት ሠራ። ሰኞ ጠዋት ገበያው ሲከፈት ሁሉም በአንዲት ጠባብ በር ለመውጣት ተጋፋ። ቀድሞ የወጣ በ300 ዩሮ ወጣ፤ የዘገየ በ900።

በሩን መልሶ የከፈተው ራሱ የዘጋው ነው። ረቡዕ ዕለት ፖርሸ ከውሎቹ እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን እንደሚለቅ አስታወቀ። በሺህ ዩሮ አጠገብ የነበረው አክሲዮን በዚያን ቀን ወደ 517 ዩሮ ወረደ። ኩባንያው ሲወጣም ሲወርድም ያው ኩባንያ ነው፤ የተለወጠው ለባለዕዳዎቹ የሚቀርበው አክሲዮን ብዛት ብቻ ነበር።

ዋጋው ቢወርድም የከፈሉት ሰዎች ገንዘብ አልተመለሰም። ከጀርመን ባለጠጎች አንዱ የነበሩት አዶልፍ መርክሌ በቮልስዋገን ውርርድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ከሰሩ። ኩባንያዎቻቸው ቀድሞውንም በዕዳ ተጨንቀው ነበር፤ ጃንዋሪ 2009 ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ራቲዮፋርም የተባለው የመድኃኒት ድርጅታቸውም በኋላ ተሸጠ።

ከዚህ ታሪክ ተነስቶ ብዙ ሾርት የተደረገበት አክሲዮን ሁሉ ይፈነዳል ብሎ መግዛት ግን ስህተት ነው። ብዙ ጊዜ ሾርት የሚያደርጉት ሰዎች ትክክል ናቸው፤ ኩባንያው ደካማ ነው፣ አክሲዮኑም ዝም ብሎ ይወርዳል። ስኩዊዝ እንዲፈጠር ሦስት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው። ዕዳው በገበያ ከሚገኘው አክሲዮን ጋር ሲወዳደር ትልቅ መሆን አለበት። ቀሪው አክሲዮን የማይሸጥ ባለቤት እጅ መግባት አለበት። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያስደነግጥ ክብሪት ያስፈልጋል፤ የእሑዱ መግለጫ ክብሪት ነበር። የአክሲዮን መበደሪያ ኪራይ በድንገት ሲንር፣ አበዳሪዎችም መልሱልን ማለት ሲጀምሩ፣ በሩ እየጠበበ መሆኑ ይታወቃል።

ደግሞ ድንገት የተሰቀለ ዋጋ ሁሉ ስኩዊዝ አይደለም። ጃንዋሪ 2021 ላይ በስልክ የሚገበያዩ ወጣቶች ጌምስቶፕ የተባለውን የአሜሪካ ጌም ሻጭ አክሲዮን ከ20 ዶላር በታች አንስተው ከ480 ዶላር በላይ ሲያደርሱት ዓለም ሁሉ ሾርት ስኩዊዝ አለው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው ሪፖርት ግን ተገደው የገዙት ሾርት አድራጊዎች የግዢው አንድ ክፍል ብቻ እንደነበሩ፣ ዋጋውን ለሳምንታት ያቆየው በፈቃዱ የገዛው ሕዝብ እንደሆነ ገለጸ። ልዩነቱ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ትልቅ ነው። ተገዶ የሚገዛ ሰው ዕዳው ሲያልቅ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በውድ ዋጋ የገዛኸውን የሚረከብህ አታገኝም።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ አዲስ አበባ ላይ ሥራውን ጀምሯል። ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ወጣት «የዚህ ኩባንያ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከቮልስዋገን የሚገኘው ተጨማሪ ጥያቄ «ስንቱ አክሲዮን ነው በእርግጥ የሚሸጠው?» የሚል ነው። ጥቂት አክሲዮን ብቻ የሚንቀሳቀስበት ገበያ ሾርት ባይኖርበትም በትንሽ ግዢ ብዙ ይዘላል፤ ሾርት ሲጨመርበት ደግሞ መውጫው ይጠባል።

ፖርሸስ? አሸናፊው እሱ ይመስል ነበር። ግን ያን ሁሉ አክሲዮን የሰበሰበው በብድር ነበር። ቀውሱ ሲከፋ ባንኮች እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ከ10 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ዕዳ ታቅፎ ቀረ። ዕቅዱን የመሩት ዋና ሥራ አስኪያጅ ቬንደሊን ቪደኪንግና የፋይናንስ ኃላፊው ሆልገር ሄርተር ጁላይ 2009 ላይ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ገበያ አዛብታችኋል ተብለው ተከሰው በ2016 በነፃ ተሰናበቱ። የፖርሸን የመኪና ፋብሪካ ደግሞ በ2012 ሙሉ በሙሉ የጠቀለለው ሌላ ማንም አይደለም፤ ቮልስዋገን ነው።