ደሙ ወዴት ይሂድ?

አባዬ ግራ ሳንባውን ምች ይዞት ሆስፒታል በተኛበት ሌሊት፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ጣቱ ላይ የተሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አፍጥጬ አያለሁ። 86 ይላል። ኦክስጅን ተደርጎለታል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ቁጥሩ ግን ፍንክች አይልም። ውጋቱ ቀለል ይለኛል ስላለ በግራ ጎኑ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ሲስተሯ ገብታ አየችውና «በቀኝ ጎናቸው እናዙራቸው» አለች። አዞርነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቁጥሩ 92 ገባ። መድኃኒት አልተጨመረም፤ ኦክስጅኑም ያው ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲስተካከል እንቅልፍ አይወስደኝም። አባዬ ከዳነ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ሒሳቡ ነው። ሳንባ ውስጥ አየርና ደም መገናኘት አለባቸው። ደሙ ወደ ሳንባ ሲመጣ ሄሞግሎቢኑ 75 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ይዟል፤ አየር ካገኘ 98 ይሆናል። አሁን ግማሹ ደም መግል በሞላው፣ አየር በማይገባው በኩል አለፈ እንበል። እሱ 75 እንደሆነ ይመለሳል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አማካዩ 86.5 ነው። «ታዲያ ደህነኛው ሳንባ ለምን አያካክስም?» አልኩ። አይችልም፤ 98 ላይ ያለ ደም ሞልቷል ማለት ነው። የፈለገውን ያህል ቢተነፍስ 100 ቢደርስ ነው፣ አማካዩም 87.5 ብቻ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንዲህ አይደለም፤ ደህነኛው በኩል ትርፉን አውጥቶ ያካክሳል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ኦክስጅኑ ወርዶም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ልከኛ ሊሆን የሚችለው።

ስለዚህ መፍትሔው አየር መጨመር ብቻ ሳይሆን ደሙን ማዞር ነው። ሰውነት ይህን ራሱ እንደሚያደርግ ያሳዩት ሁለት ስዊድናውያን ናቸው፤ ኡልፍ ፎን ኦይለርና ዮራን ሊልየስትራንድ። እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጡት ጥናት ድመቶችን አደንዝዘው ኦክስጅኑ ያነሰ አየር እንዲተነፍሱ አደረጉና ወደ ሳንባ በሚወስደው ደም ስር ውስጥ ያለውን ግፊት ለኩ። ግፊቱ ጨመረ። ነገሩ ያልተለመደ ነው፤ በሌላው የሰውነት ክፍል ኦክስጅን ሲያንስ ደም ስር ይሰፋል፣ ሳንባ ውስጥ ግን ይጠባል። ምክንያቱን ሲያስቡት፣ አየር ያጣው የሳንባ ክፍል ደም ስሩን አጥብቦ ደሙን አየር ወዳለበት ይልካል አሉ። ማንም ሳያዝዘው የሚሠራ ሎድ ባላንሰር በሉት። ጥቅሙን በዚያው ሒሳብ እንየው፦ ወደ ታመመው በኩል የሚሄደው ደም ከግማሽ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ፣ አማካዩ ከ86.5 ወደ 93 ከፍ ይላል።

ዘዴው ግን ወሰን አለው። ከፍተኛ ተራራ ላይ መላው ሳንባ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ሁሉም በአንዴ ይጠባል፤ ደሙን ማዞሪያ ቦታ የለም፣ ግፊቱ ብቻ ይጨምራል። በሳንባ ምች ጊዜ ደግሞ ቁጣው ራሱ ይህን መጥበብ ያዳክመዋል። የአባዬም ሳንባ ብቻውን ያልተወጣው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ነገር የመሬት ስበት ነው። በ1960 ገደማ ለንደን፣ ሃመርስሚዝ ሆስፒታል፣ አውስትራሊያዊው ጆን ዌስትና ባልደረቦቹ ሰዎች ጨረር አመንጪ ኦክስጅን ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንዴ ስበው ትንፋሻቸውን እንዲይዙ አደረጉ። ደረት ላይ የተደገኑት መቁጠሪያዎች ጋዙ ከየቦታው በምን ፍጥነት በደም እንደሚወሰድ ያሳያሉ። ይህ ኦክስጅን በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ስለሚጠፋ ማምረቻው ሳይክሎትሮን እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ መሆን ነበረበት። ውጤቱ፦ ቁጭ ባለ ሰው የሳንባው ጫፍ ደም የሚያገኘው በጣም ጥቂት ነው፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ይበዛል። ሰውየው በጀርባው ሲተኛ ያ የላይና የታች ልዩነት ይጠፋል። ደም ወደ ታች ይወርዳል፤ «ታች» የቱ እንደሆነ የሚወስነው አቀማመጣችን ነው።

ያን ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። አባዬን በግራ ጎኑ ሳስተኛው፣ ደሙን አየር ወደሌለበት ሳንባ እያፈሰስኩት ነበር። ሲስተሯ ስታዞረው ደሙ ወደ ደህነኛው ወረደ። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም፤ አንዱ ሳንባ እየደማ ከሆነ ደሙ ወደ ደህነኛው እንዳይፈስ የሚደማው ነው ታች የሚሆነው።

በማግስቱ አባዬ «በግራዬ ብታስተኛኝ ይሻለኛል» አለኝ። ውጋቱ እውነት ነው፤ አዘንኩለት። ግን ቁጥሩን አየሁና ትራሱን ብቻ አስተካከልኩለት።